የመጀመሪያ ተጠቃሚ ቁጥሮች በመዋዕለ ንዋይ ጥያቄ ኢሜይል ውስጥ፦ የአንድ የግብርና ምክር መተግበሪያ ምሳሌ

አጠቃሎ

አዲስ የግብርና ምክር መተግበሪያ የሠሩ ወጣቶች ለባለሀብት በሚልኩት የመጀመሪያ ኢሜይል ውስጥ ዋናውን ሥፍራ የሚይዘው የተጠቃሚዎች ቁጥር ነው። ይህ ጽሑፍ ቁጥሩ በምን መንገድ እንደሚቆጠርና ስንዴ አምራች ገበሬዎችን በሚያገለግል መተግበሪያ ላይ የተለመደው ወርኃዊ አቆጣጠር ለምን እንደሚያሳስት ይመረምራል። ለዚህም ለትንተና ሲባል የተዘጋጀ አንድ ኢሜይል ቀርቦ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ በመጨረሻም ተሻሽሎ ይጻፋል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የእርሻ መተግበሪያ መመዘን ያለበት በተመዘገቡት ብዛትም በወር ዕድገትም ሳይሆን፣ በአንድ የመኸር ወቅት ውስጥ ገበሬው ውሳኔ በሚሰጥባቸው ጊዜያት ስንት ሰው ተመልሶ እንደመጣ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የመዋዕለ ንዋይ ጥያቄ፣ የግብርና ምክር፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የመኸር ወቅት

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የግብርና ምክር በስልክ መስጠት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው በነፃ ደውሎ የተቀዳ ምክር በቋንቋው የሚያዳምጥበት አገልግሎት ነው። ከዚያ ወዲህ በግል የተቋቋሙ መተግበሪያዎች ብቅ ብለዋል። የግል ድርጅት ግን በጀት የሚመድብለት መንግሥት ስለሌለው ከአንድ የዘር ወቅት ወደሚቀጥለው ለመሻገር ገንዘብ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ፍለጋው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ኢሜይል ነው።

ኢሜይሉ አጭር መሆኑ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ክብደት ይጨምራል። ባለሀብቱ ሜዳውን አላየም፤ ገበሬዎቹን አላነጋገረም። የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ደብዳቤው ፍላጎት ካሳደረበት ከሳምንታት በኋላ መዝገቡን አስከፍቶ ያጣራል። በዚያ ጊዜ ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ ጸሐፊዎቹ ለማታለል ባያስቡም እንኳ፣ ውጤቱ ያው ነው፤ ንግግሩ ይቋረጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳይጣራ ማለፉ ነው። ገንዘቡ በተጋነነ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ ድርጅቱ ሊደርስበት የማይችል ግብ ይዞ ወደሚቀጥለው ክረምት ይገባል።

2. ለትንተና የቀረበው ኢሜይል

ምሳሌው በምሥራቅ ጎጃም ሦስት ወረዳዎች ውስጥ ስንዴ አምራቾችን የሚያገለግል መተግበሪያ ነው ተብሎ ይታሰብ። መተግበሪያውና ቁጥሮቹ ለትንተና የተዘጋጁ ናቸው። ዘመናዊ ስልክ ያለው ገበሬ ምክሩን በመተግበሪያው ላይ ከፍቶ ያነብባል ወይም ያዳምጣል፤ ተራ ስልክ ያለው ደግሞ የድምፅ ጥሪ ይደርሰዋል። ገበሬው ራሱ ሊመዘገብ ይችላል፤ አለዚያ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይመዘግበዋል። ኢሜይሉ የተላከው በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሲሆን፣ ተቀባይዋ በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ባለሀብት ናቸው።

ጉዳዩ፦ በሦስት ወር ከ12,000 በላይ ገበሬዎች የተቀላቀሉት መተግበሪያ

ክብርት ሆይ፣

በኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ወቅታዊ ምክር አያገኙም። እኛ ይህን ችግር የሚፈታ መተግበሪያ ሠርተናል። ሥራ ከጀመርንበት ከሰኔ ወር እስከ ዓመቱ መጨረሻ 12,400 ተጠቃሚዎች አፍርተናል። የተጠቃሚዎቻችን ቁጥር በየወሩ በአማካይ 80 በመቶ አድጓል። ለአንድ ተጠቃሚ ያወጣነው ወጪ 94 ብር ብቻ ነው። 3,600,000 ብር ብናገኝ በሚቀጥለው ዓመት 38,000 ገበሬዎችን እንደርሳለን። ከአገሪቱ ገበሬዎች አንድ በመቶውን ብቻ ብናገኝ እንኳ ትርፋማ እንሆናለን። ለመወያየት ፈቃድዎ ቢሆን ደስታችን ወሰን የለውም።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በቀጥታ ሐሰት የሆነ ቁጥር የለም። በመዝገቡ ላይ 12,400 ስልክ ቁጥሮች አሉ፤ በሰኔ ማብቂያ 3,800 የነበረው ድምር በሁለት ተከታታይ ወራት ወደ 12,400 መድረሱ በእርግጥም በአማካይ 80 በመቶ ያህል ወርኃዊ ዕድገት ነው፤ 1,160,000 ብር የሆነው የወቅቱ ወጪ ለ12,400 ሲካፈልም 94 ብር ገደማ ይደርሳል። ስህተቱ ያለው ከስሌቱ ላይ አይደለም። «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ አለመነገሩና ጊዜው በምን እንደተለካ አለመታሰቡ ነው።

የ«አንድ በመቶ» ዐረፍተ ነገር ግን ረዥም ትንተና አይሻም። ከትልቅ ቁጥር ትንሽ ቁራሽ መቁረጥ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ያ ቁራሽ በየትኛው ቀበሌ፣ በማን አማካይነት እንደሚገኝ ስለማይናገር ልምድ ያለው አንባቢ ዘልሎት ያልፋል።

3. የተመዘገበና የተጠቀመ

የልማት ሠራተኛው በቀበሌ ስብሰባ ላይ የተገኙትን ገበሬዎች ስምና ስልክ ቁጥር ከወረቀት ወደ መተግበሪያው ሲያስገባ መዝገቡ በአንድ ከሰዓት በኋላ በመቶዎች ሊጨምር ይችላል። ይህ ሥራ ጠቃሚ ቢሆንም ከገበሬው በኩል የተሰጠ ውሳኔ የለበትም። ገበሬው ስሙን የሰጠው ስለተጠየቀ ነው። ስለዚህ ከ«ተመዝግቧል» እስከ «ተጠቅሟል» ያለው መንገድ በደረጃ መቆጠር ይኖርበታል።

በምሳሌው ውስጥ አገልግሎቱ ሦስት ዋና ዋና ምክሮች ነበሩት። የመጀመሪያው በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ የሚሰጠው የአዘራር ምክር ነው፤ የዘር ዓይነትን፣ የዘር መጠንንና በመስመር መዝራትን ይመለከታል። ሁለተኛው ቡቃያው ከሥሩ ተጨማሪ ግንዶች ማውጣት ሲጀምር የቀረውን ዩሪያ ስለመጨመር ነው። ሦስተኛው ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቅጠሉን እየገለጡ ቢጫ ዋግ መታየት አለመታየቱን ስለመፈተሽ ነው። ከነዚህ ጊዜያት ውጪ ገበሬው ከመተግበሪያው የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው።

ሦስቱንም ምክሮች ሊያገኝ የሚችለው ከሐምሌ ማብቂያ በፊት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። በነሐሴ የተመዘገበው ገበሬ ዘርቶ ጨርሷል፤ የአዘራሩን ምክር አልተጠቀመም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ስለዚህ መቶኛው የሚሰላበት መነሻ ቁጥር 12,400 ሳይሆን እስከ ሐምሌ መጨረሻ የተመዘገቡት 8,900 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 1,100 ስልኮች በተደጋጋሚ ተደውሎላቸው አልተገኙም፤ ቁጥሩ ሲጻፍ ተሳስቷል፣ ሲም ካርዱ ተቀይሯል ወይም ስልኩ ተዘግቷል። ጥሪው የደረሳቸው 7,800 ይሆናሉ።

ከ7,800ዎቹ መካከል 5,200 የአዘራሩን ምክር እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል ወይም ከፍተው አንብበዋል። ከነዚህ ውስጥ 3,700 ለዩሪያው ምክር ተመልሰው መጥተዋል፤ ከ3,700ዎቹ ደግሞ 2,900 የዋጉንም ምክር ተከታትለዋል። ወቅቱን ሙሉ የተጠቀሙት እንግዲህ 2,900 ናቸው፤ ከደረሳቸው ሰዎች 37 በመቶ ያህል ማለት ነው።

2,900 ከ12,400 አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል። ለሚያውቅ አንባቢ ግን የተሻለ ዜና የያዘው ይህኛው ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ምክር ከተከታተሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

እነዚሁ 2,900 ሰዎች በአመዘጋገባቸው ሲለያዩ ሌላ ነገር ይታያል። ጥሪው ከደረሳቸው መካከል በራሳቸው የተመዘገቡት 2,000 ሲሆኑ 1,300ው ወቅቱን ሙሉ ተጠቅመዋል፤ ይህ 65 በመቶ ነው። በልማት ሠራተኛ ከተመዘገቡት 5,800 ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 1,600 ወይም 28 በመቶ ያህል ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «የልማት ሠራተኛው ምዝገባ አይጠቅምም» ማለት ግን ስህተት ነው። በራሱ የተመዘገበ ሰው ቀድሞውንም ምክር ፈላጊ ነበር፤ ልዩነቱ ከአመዘጋገቡ ሳይሆን ከሰዎቹ ሊመጣ ይችላል። በብዛት ሲታይም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቋሚ ተጠቃሚዎች የመጡት በልማት ሠራተኛው በኩል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማቅረብ የሚጠቅመው ገንዘቡ ሲገኝ ዕድገቱ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣና ከዚያ መንገድ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚቻል ስለሚያሳይ ነው።

4. የወር ዕድገትና የክረምት ወቅት

በኢሜይሉ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስተው «በየወሩ 80 በመቶ» የሚለው አባባል ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ድምር ቁጥር ወደ ታች የማይሄድ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ መተግበሪያውን ቢተወው እንኳ የተመዘገቡት ድምር ባለበት ይቆያል እንጂ አይቀንስም። በየወሩ አዲስ የተመዘገቡት ለየብቻ ሲወጡ ግን በሰኔ 3,800፣ በሐምሌ 5,100፣ በነሐሴና በጳጉሜን አንድ ላይ 3,500 ናቸው። ደብዳቤው በተጻፈበት ጊዜ ምዝገባው እየቀነሰ ነበር።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። የነሐሴው ቁጥር የጳጉሜንን አምስት ቀናት ስለጨመረ የተሰበሰበው በ35 ቀናት ነው። በቀን ሲሰላ በሐምሌ 170 የነበረው ምዝገባ ወደ 100 ወርዷል፤ ከሰኔው 127 እንኳ ያንሳል ማለት ነው። በአንጻሩ ኢሜይሉን የሚያነብቡት ባለሀብት የሚያስቡት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ ሰኔ 1 ለእርሳቸው ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ነው። መተግበሪያው የሚመዘግበው መረጃም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው አቆጣጠር ይወጣል። በኢሜይሉ የተጻፈው «የሐምሌ» ቁጥርና በኋላ በማጣራቱ ጊዜ የሚታየው «የጁላይ» ቁጥር ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ ስህተት የሌለበት መዝገብ ስህተት ያለበት ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከወር ይልቅ በሳምንት መቁጠርና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። ወርኃዊ አቆጣጠር የመጣው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ከሚከፍቷቸው አገልግሎቶች ነው። የስንዴ ገበሬ ግን ውሳኔውን የሚሰጠው በዝናቡ ነው። ሰብሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ስለ ዘር መጠን የሚያዳምጥበት ምክንያት የለውም። በጥር ወር የተጠቃሚው ቁጥር ወደ ዜሮ ቢጠጋ መተግበሪያው ወደቀ ማለት አይደለም፤ እርሻው ዐርፏል ማለት ነው። ይሁንና በመስከረም «80 በመቶ ዕድገት» የተባሉት ባለሀብት በጥር መዝገቡን ሲያስከፍቱ የሚያዩት ባዶ ሜዳ ነው። ስለ ወቅቱ አስቀድሞ ካልተነገራቸው የሚደርሱበት ድምዳሜ ግልጽ ነው።

ይህን የፈሩ ሥራ አስኪያጆች ሌላ ጥፋት ውስጥ ይገባሉ። ቁጥሩ እንዳይወርድ ሲሉ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የበዓል መልካም ምኞት፣ የሌላ አካባቢ የገበያ ዋጋ፣ ያልተጠየቀ ማስታወቂያ እየላኩ ገበሬውን ያሰለቹታል። ወርኃዊው ቁጥር ይቆማል፤ ገበሬው ግን ከዚያ ቁጥር የሚመጣን ጥሪ አለማንሣትን ይለምዳል። ነሐሴ ላይ በአካባቢው ቢጫ ዋግ ታይቶ ማሳውን እንዲፈትሽ ሲደወልለትም አያነሣውም። ዋግ በቶሎ ካልተደረሰበት የዓመቱን ምርት የሚጎዳ በሽታ ነው። ለባለሀብት ተብሎ የተጠበቀው ቁጥር ኪሳራውን የሚከፍለው በማሳው ላይ ነው።

ለእርሻ መተግበሪያ ትክክለኛው መለኪያ በዚህ ዓመት ወቅቱን ሙሉ ከተጠቀሙት ውስጥ በሚቀጥለው ሰኔ ስንቱ ተመለሱ የሚለው ነው። ገና አንድ ክረምት ያለፈው ድርጅት ይህ ቁጥር የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ይህን በግልጽ መጻፍ ድክመት አይደለም። በምትኩ ሊቀርብ የሚችለው በወቅቱ ውስጥ ከአንዱ ውሳኔ ወደ ሌላው የተሸጋገሩት ናቸው፦ 5,200፣ 3,700፣ 2,900።

5. ስልክ ቁጥርና ገበሬ

መዝገቡ የሚያየው ስልክ ቁጥርን እንጂ ሰውን አይደለም። በገጠር አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ሊያገለግል፣ ከጎረቤትም ሊዋስ ይችላል፤ በአንጻሩ አንድ ሰው ሁለት ሲም ካርድ ሊይዝ ይችላል። ጥሪውን እስከ መጨረሻ ያዳመጠው ከብት የሚጠብቀው ልጅ ሊሆን ይችላል። 2,900 ስልኮች 2,900 ገበሬዎች ናቸው ብሎ መጻፍ ስለዚህ አያስደፍርም።

ይህን ለማጣራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከ2,900ዎቹ 100 በዕጣ ይመረጡና በሰው ይደወልላቸዋል። በምሳሌው ውስጥ 84 አነሡ፤ ከነዚህም 38ቱ በምክሩ መሠረት ቢያንስ አንድ ነገር እንደቀየሩ ከዝርዝሩ ጋር ተናግረዋል። ይህ 45 በመቶ ያህል ነው። ናሙናው ትንሽ በመሆኑ እውነተኛው ቁጥር በግምት ከ34 እስከ 56 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ ሊያርፍ ይችላል፤ ኢሜይሉም «ግማሽ ያህሉ» ከማለት ይልቅ ናሙናውንና ወሰኑን ቢጠቅስ ይታመናል። ያላነሡት 16 ሰዎች ካነሡት የተለዩ ሊሆኑ እንደሚችሉም መዘንጋት አይገባም።

ከናሙናው መጠን ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ምክራችን ጠቅሞዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ በይሉኝታ «በጣም! እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ደዋዩን ማሳፈር አይፈልግም። ስለዚህ ጥያቄው አድናቆትን ሳይሆን ድርጊትን መከተል ይኖርበታል፦ «ዩሪያውን ሁለተኛ ጊዜ የጨመሩት መቼ ነው?»፣ «አምና በዚህ ጊዜ እንዴት ነበር ያደረጉት?»፣ «ዋጉን ያዩት በየትኛው ቅጠል ላይ ነው?»። ቀኑንና ማሳውን ለይቶ የሚናገር ሰው ምክሩን ሰምቷል፤ በጥቅሉ ብቻ የሚያመሰግን ግን ሳይሰማ ሊሆን ይችላል። ደዋዩም መዝጋቢው የልማት ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል፤ ገበሬው በሚያውቀው ሰው ፊት እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ይቸገራልና።

የዚህ ናሙና ገደብ ግልጽ ነው። አሠራር መቀየሩን እንጂ ምርት መጨመሩን አያሳይም። ምርት በዝናብ፣ በዘርና በማዳበሪያ አቅርቦት ስለሚወሰን፣ ምክሩን ካላገኙ ተመሳሳይ ገበሬዎች ጋር ሳይነጻጸር «ምርት በዚህን ያህል ጨመረ» ብሎ መጻፍ ማስረጃ የሌለው አባባል ነው።

6. ወጪና ከፋይ

1,160,000 ብር ለ12,400 ሲካፈል 94 ብር ይሆናል፤ ወቅቱን ሙሉ ለተጠቀሙት 2,900 ሲካፈል ግን 400 ብር ነው። ወጪው ከፊሉ በነሐሴ ለተመዘገቡትም የዋለ ስለሆነ 400 ብር ጠበቅ ያለ ስሌት ነው፤ ለዕቅድ ግን ከ94 ብሩ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ልዩነቱ የሚያስከትለው ነገር በተጠየቀው ገንዘብ ላይ ይታያል። 3,600,000 ብር በ94 ብር ሲሰላ 38,000 ገበሬ፣ በ400 ብር ሲሰላ ደግሞ 9,000 ገበሬ ያስገኛል። 38,000 ቃል ገብቶ 9,000 ላይ የደረሰ ድርጅት እንደወደቀ ይቆጠራል፤ 9,000 ቃል ገብቶ 9,000 ላይ የደረሰው ግን ቃሉን ጠብቋል። በሁለቱ መካከል በሜዳ ላይ የተሠራው ሥራ አንድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ 400 ብሩን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ነፃው የ8028 መስመር ባለበት አገር ገበሬው ራሱ ይከፍላል ማለት ማስረጃ ይሻል። ሾን ኮል እና ኒሌሽ ፈርናንዶ በሕንድ ጉጃራት የጥጥ ገበሬዎች መካከል በድምፅ የሚሰጥ የሞባይል ምክርን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ገበሬዎቹ አገልግሎቱን ተጠቅመዋል፤ አሠራራቸውንም በአንዳንድ ነገሮች ቀይረዋል። ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑበት ዋጋ ግን አገልግሎቱ ከሚጠይቀው ወጪ በታች ነበር። ምክር ጠቃሚ መሆኑና ተጠቃሚው የሚከፍልበት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ከፋዩን ከገበሬው ሌላ መፈለግ የተለመደ ነው፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ግብዓት አቅራቢ ወይም የሰብል መድን ሰጪ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ዳፋ አለው። ፀረ ዋግ ኬሚካል የሚሸጥ ድርጅት ከከፈለ ምክሩ «ርጩ» ወደሚለው እንዳያዘነብል ምን መከላከያ እንዳለ ባለሀብቷ ባይጠይቁ እንኳ ገበሬው መጠየቁ አይቀርም።

7. የተሻሻለው ኢሜይል

ከላይ የተደረሰባቸውን ነጥቦች በመያዝ ደብዳቤው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል።

ጉዳዩ፦ በአንድ የመኸር ወቅት 2,900 ቋሚ ተጠቃሚዎች ያሉት የስንዴ ምክር አገልግሎት

ክብርት ሆይ፣

በምሥራቅ ጎጃም በሦስት ወረዳዎች ለስንዴ አምራቾች በዘር፣ በዩሪያና በዋግ ክትትል ላይ በስልክ ምክር እንሰጣለን። ይህ ደብዳቤ ከሰኔ 1 (ጁን 8) እስከ ጳጉሜን 5 (ሴፕቴምበር 10) ያለውን የመጀመሪያ ወቅታችንን ይመለከታል።

በመዝገባችን 12,400 ስልክ ቁጥሮች አሉ። ከዘር በፊት ተመዝግበው ጥሪያችን የደረሳቸው 7,800 ሲሆኑ 5,200 የአዘራሩን፣ ከነዚህ 3,700 የዩሪያውን፣ ከነዚህም 2,900 የዋጉን ምክር ተከታትለዋል። በዕጣ ለመረጥናቸው 100 ቋሚ ተጠቃሚዎች ደውለን ካነሡት 84 ውስጥ 38ቱ አሠራራቸውን እንደቀየሩ በዝርዝር ነግረውናል። በምርት ላይ ያመጣነውን ለውጥ ገና አልለካንም።

አገልግሎታችን የዝናብ ወቅትን የሚከተል ስለሆነ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ተጠቃሚው ጥቂት እንደሚሆን ከወዲሁ እንገልጻለን። የዘንድሮዎቹ ተጠቃሚዎች ይመለሱ እንደሆነ የምናውቀው በሚመጣው ሐምሌ ነው።

ለአንድ ቋሚ ተጠቃሚ የወጣው ወጪ 400 ብር ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ለ800 አባላቱ በነፍስ ወከፍ 120 ብር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ይህ ከወጪው 30 በመቶውን ይሸፍናል። የቀረውን ለመዝጋት ወጪውን መቀነስና ሁለተኛ ከፋይ ማግኘት አለብን።

ለሚቀጥለው ወቅት 3,600,000 ብር እንፈልጋለን፤ ግባችንም 9,000 ቋሚ ተጠቃሚዎች ናቸው። መዝገባችንን በፈለጉ ጊዜ መመርመር ይችላሉ። በሚመችዎ ቀን ለግማሽ ሰዓት በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለናል።

ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ የሚያስደንቀው ቁጥርም ያነሰ ነው። ነገር ግን በመስከረም የተጻፈው በጥርም ሲነበብ እውነት ሆኖ ይቆያል። የ30 በመቶው ነገር መጻፉ አንዳንድ ባለሀብቶችን ሊያሸሽ እንደሚችል አይካድም። የሚሸሹት ግን ጉድለቱን በማጣራቱ ጊዜ ቢያገኙትም የሚሸሹት ናቸው፤ ያኔ ድርጅቱ ሁለት ወይም ሦስት ወር አባክኖ፣ የዘር ወቅት ቀርቦበት ይሆናል።

8. መደምደሚያ

የግብርና ምክር መተግበሪያ የመጀመሪያ ቁጥሮች ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርባቸዋል፦ ቁጥሩ ስልክን ነው ወይስ ሰውን የሚቆጥረው፣ ጊዜው በወር ነው ወይስ በሰብሉ ውሳኔዎች የሚለካው፣ ወጪውስ የሚካፈለው ለተመዘገቡት ነው ወይስ ለተጠቀሙት። በቀረበው ምሳሌ የሦስቱ መልስ መለወጥ 12,400ን ወደ 2,900፣ 94 ብርን ወደ 400 ብር፣ 38,000ን ወደ 9,000 ለውጧል። የተሠራው ሥራ ግን አልተለወጠም።

ትንተናው በአንድ ሰብልና በአንድ የዝናብ ወቅት ላይ የተመሠረተ ነው። በመስኖ ዓመቱን ሙሉ አትክልት ለሚያመርቱ ወይም በበልግም በመኸርም ለሚዘሩ አካባቢዎች የውሳኔ ጊዜያቱ ይበዛሉ፤ መለኪያውም አብሮ ይሰላል። በወተት ላሞች ላይ ምክር ለሚሰጥ አገልግሎት ደግሞ ወርኃዊ አቆጣጠር እንደገና ትርጉም ሊኖረው ይችላል። መነሻው ግን አይለወጥም፤ መቁጠር የሚጀመረው ገበሬው መወሰን ከሚኖርበት ቀን ነው።